25 ሰዓት የሚኖር ሞተር፦ የዩሞ 004 ብሌዶች እና የክሪፕ ጉዳይ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ጀርመን ሜሰርሽሚት 262 የሚባል የጄት ተዋጊ አውሮፕላን ነበራት። በክንፎቹ ሥር ሁለት ዩሞ 004 ሞተሮች ተንጠልጥለዋል። በዘመኑ በፍጥነት የሚስተካከለው ተዋጊ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሞተሮቹ ግን ከ10 እስከ 25 ሰዓት ከሠሩ በኋላ መውረድ ነበረባቸው። 25 ሰዓት ማለት አንድ ቀን ከአንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ተፈትተው ይታያሉ፣ የሚቀየረው ይቀየራል። ብዙ ጊዜ ደግሞ እዚያም ሳይደርሱ ይበላሻሉ።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ብዙ ሰዎች "ጀርመኖች ቸኩለው ስለሠሩት ነው" ብለው ያልፉታል። መቸኮሉስ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ መሐንዲሶቹም ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር። ሞተሩን የሚሠሩበት ብረት በዚያ ሙቀትና በዚያ ጫና ውስጥ ቀስ እያለ እንደሚለጠጥ፣ በመጨረሻም እንደሚበጠስ ገብቷቸዋል። ይህ ቀስ ብሎ መለጠጥ ክሪፕ ይባላል። የዩሞ 004 ታሪክ ክሪፕን ለመረዳት ከማውቃቸው ጉዳዮች ሁሉ የተሻለው ነው። ምክንያቱም ሰዎቹ የሚፈልጉትን ብረት ማግኘት ስላልቻሉ ወደ ችግሩ በሌላ በር ለመግባት ተገደዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሌዱ ላይ ምን ይደርሳል?

የሞተሩ አሠራር በአጭሩ ይህን ይመስላል። ፊት ለፊት ያለው ኮምፕረሰር አየር ይጨምቃል። አየሩ ወደ ማቃጠያ ክፍሎች ገብቶ ከነዳጅ ጋር ይቃጠላል። የጋለው ጋዝ ወደ ኋላ ሲወጣ ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ ደግሞ በአንድ ዘንግ ተያይዞ ኮምፕረሰሩን ያዞራል። ተርባይኑ ዙሪያውን ብሌዶች፣ ማለትም ጋዙ የሚገፋቸው ቀጫጭን የብረት ክንፎች፣ የተተከሉበት ዲስክ ነው። ሁሉም ነገር የሚያልፈው በእነዚህ ብሌዶች ላይ ነው።

የዩሞ 004 ተርባይን በደቂቃ 8,700 ጊዜ ይዞራል። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ስለዚህ እናስላው። አንድ ብሌድ ከዲስኩ መሃል 30 ሴንቲሜትር ርቆ ተቀምጧል እንበል። ልኩን ለስሌት እንዲመች አድርጌ የወሰድኩት ነው። በዚህ ፍጥነት ብሌዱን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል ከራሱ ክብደት 25,000 እጥፍ ገደማ ይሆናል። 100 ግራም የሚመዝን ብረት ሥሩ ላይ ሁለት ቶን ተኩል እንደተንጠለጠለበት ይሰማዋል ማለት ነው። አንዲት መኪና በእጅ መዳፍ በምትያዝ ቁራጭ ብረት ላይ ተንጠልጥላ ብታስቡ ብዙ አልራቃችሁም።

ይህ ጭነት በቀዝቃዛ ብረት ላይ ቢሆን ችግር የለውም። ጥሩ ብረት ይሸከመዋል፤ ዛሬም ነገም፣ ከዓመት በኋላም ይሸከመዋል። ችግሩ የዩሞ ብሌድ ቆሞ የሚሠራው 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድን በሚያልፍ ጋዝ መሃል መሆኑ ነው። በዚህ ሙቀት ብረት ቀልቶ ይታያል። እዚህ ላይ "ብረቱ ይችለዋል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። "ለስንት ሰዓት?" የሚል ይጨመርበታል።

ብረት ለምን ይለጠጣል?

ብረት ውስጥ አቶሞች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ድርድሩ ግን ፍጹም አይደለም። አንዳንዱ ረድፍ መሃል ላይ ይቆማል፤ ከጎኑ ያሉት ረድፎች ይቀጥላሉ። ይህ የድርድር ጉድለት ዲስሎኬሽን ይባላል። ብረት ሲጎነበስ ወይም ሲለጠጥ ሁሉም አቶም በአንድ ጊዜ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ጉድለቱ ነው፤ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ይሄዳል። ብረትን ማጠንከር ማለት እንግዲህ የዚህን ጉድለት መንገድ መዝጋት ነው። መንገዱ ላይ እንቅፋት ይቀመጥለታል፤ እሱም እዚያ ተይዞ ይቀራል።

ቀዝቃዛ ብረት ውስጥ አንዴ ከተያዘ ተያዘ ነው። ብረቱ ሲግል ግን ነገሩ ይለወጣል። በአቶሞቹ መካከል እዚህም እዚያም ባዶ ቦታዎች አሉ፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ይበዛሉ። በተጨናነቀ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰው ሲነሳ የጎኑ ሰው ጠጋ ይላል፣ የእሱም ጎረቤት ጠጋ ይላል፤ ባዶው ቦታ ከዳር እስከ ዳር ይጓዛል። አቶሞችም በጋለ ብረት ውስጥ እንዲሁ ይሆናሉ። ባዶው ቦታ ተይዞ ወደቆመው ጉድለት ሲደርስ ጉድለቱ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ደጋግሞ ሲወጣ እንቅፋቱን በላዩ ተሻግሮ መንገዱን ይቀጥላል። ብረቱም በዚያው ልክ ይለጠጣል። አንድ ጊዜ የሚለጠጠው ከምንም አይቆጠርም። ግን አያቆምም።

ይህ የሚጀምረው መቼ ነው? አንድ ግምታዊ መለኪያ አለ። የብረቱን መቅለጫ ሙቀት በኬልቪን፣ ማለትም ሴንቲግሬዱ ላይ 273 ተጨምሮ፣ ይውሰዱና በ0.4 ያባዙት። ከዚያ በላይ ክሪፕን ችላ ማለት አይቻልም። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ በዚህ ስሌት ክሪፕ የሚያሳስበው ከ450 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። እርሳስ ደግሞ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ስለሆነ ክፍል ውስጥ ባለው ሙቀት እንኳ ይለጠጣል። በአሮጌ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ያለ የእርሳስ ንጣፍ ከዘመናት በኋላ በራሱ ክብደት ወደ ታች ወርዶ የሚታየው ለዚህ ነው። ማንም አልነካውም፤ ማንም አላሞቀውም።

ክሪፕ ሲለካ ሦስት ወቅት አለው። መጀመሪያ ብረቱ ትንሽ ፈጠን ብሎ ይለጠጥና ይረጋጋል። ቀጥሎ ረጅም ጊዜ በአንድ ዓይነት ዝግታ ይሄዳል። በመጨረሻ መፍጠን ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አይቆይም። በሦስተኛው ወቅት ውስጡን ያየ ሰው ትናንሽ ቀዳዳዎች ያገኛል። ብረት ብዙ ጊዜ የብዙ ትናንሽ ክሪስታሎች ስብስብ ነው፤ እነዚህ ክሪስታሎች የሚገናኙበት ድንበር ደግሞ በሙቀት ጊዜ ደካማው ቦታ ነው። ቀዳዳዎቹ እዚያ ድንበር ላይ ይፈጠራሉ፣ ይያያዛሉ፣ ስንጥቅ ይሆናሉ።

ብሌድ ግን ሳይበጠስም ጣጣ ያመጣል። 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ብሌድ አንድ በመቶ ቢለጠጥ አንድ ሚሊሜትር ይረዝማል። በብሌዱ ጫፍና በዙሪያው ባለው ቀለበት መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ነው። ሰፊ ከሆነ ጋዙ ሥራ ሳይሠራ በዚያ ይሾልካል፤ ጠባብ ከሆነ ደግሞ የረዘመው ብሌድ ቀለበቱን መፋቅ ይጀምራል። ሞተሩ ሲፈታ ጫፉ ላይ የመፋቅ ምልክት ከታየ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ክሪፕ ነው።

ብረቱና የሌለው ኒኬል

የዩሞ 004 ዋና ንድፍ አውጪ አንሰልም ፍራንዝ ይባላል። የመጀመሪያውን ሞዴል፣ ዩሞ 004A የሚባለውን፣ ሲሠራ ራሱን በቁሳቁስ አልገደበም። ኒኬልም ኮባልትም ሞሊብዲነምም ተጠቀመ። ዓላማው ሞተሩ እንደሚሠራ በቶሎ ማሳየት ነበር፤ አሳየም። ሐምሌ 1942 ሜሰርሽሚት 262 በጄት ሞተር ብቻ በረረ።

ሞተሩን በሺዎች መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። ጀርመን እነዚህ ብረቶች በበቂ አልነበሯትም። ኒኬል ከምታገኝባቸው ቦታዎች አንዱ በሰሜን ፊንላንድ የነበረው የፔትሳሞ ማዕድን ነበር፤ እሱንም በ1944 መጸው አጣችው። ስለዚህ ለምርት የተዘጋጀው ዩሞ 004B ሌላ ፍልስፍና ነበረው። በተቻለ መጠን ተራ ብረት። የማቃጠያ ክፍሎቹ እንኳ ዝገት እንዲከላከል በአልሙኒየም ከተለበጠ ተራ ላሜራ ተሠሩ። ይህ ለክፍሉ ግድግዳ ያስኬዳል፤ ግድግዳው ቆሞ ነው የሚሞቀው፣ ሁለት ቶን ተኩል አይጎትተውም። ለብሌዱ ግን አያስኬድም።

ለብሌዱ የተመረጠው የጀርመኑ የብረት ኩባንያ ክሩፕ የሠራው ቲኒዱር የሚባል ቅይጥ ነበር። 30 በመቶ ገደማ ኒኬል፣ 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ ሁለት በመቶ ገደማ ቲታኒየም፣ የቀረው ብረት። ክሮሚየሙ ከዝገት ይጠብቃል። ቲታኒየሙ ከኒኬል ጋር ተዋህዶ በብረቱ ውስጥ ጥቃቅን እንቅፋቶች ይሠራል። ሐሳቡ ትክክል ነበር። እንዲያውም ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ይህንኑ መነሻ አድርገው A-286 የሚባል ቅይጥ ሠርተዋል፤ እስከ ዛሬ በሞተር ብሎኖችና ዲስኮች ላይ ይሠራበታል። ነገር ግን የቲኒዱር ጥንካሬ ከ600 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅ በፍጥነት ይወርዳል። ዩሞ ደግሞ ከዚያ በላይ ነበር የሚፈልገው።

መጀመሪያ ክሪፕ የመሰለው፣ ያልነበረው

እዚህ ላይ ትንሽ ዞር ማለት አለብኝ፤ የጉዳዩ አስተማሪ ክፍል እዚህ ውስጥ ስላለ። በ1943 ዩሞ 004B ላይ ብሌዶች መበጠስ ጀመሩ። ሁሉም ሰው ብረቱን ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ ቁሳቁሱ ደካማ መሆኑ የታወቀ ነውና። ነገር ግን አንድ ብሌድ ሲበጠስ ምክንያቱ ክሪፕ ብቻ ላይሆን ይችላል። ንዝረትም ይበጥሳል።

ሁለቱን መለየት የሚቻለው የተበጠሰውን ፊት በማየት ነው። በክሪፕ የተበጠሰ ብሌድ ከመበጠሱ በፊት ረዝሟል፤ ስለዚህ ያልተበጠሱት ጎረቤቶቹም ሲለኩ ረዝመው ይገኛሉ። የተበጠሰው ፊት ሻካራ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ስንጥቁ የክሪስታሎቹን ድንበር ተከትሎ ሄዷል፣ ከዋናው ስንጥቅ ርቆም ሌሎች ቀዳዳዎች አሉ። በንዝረት ድካም የተበጠሰው ግን አይረዝምም። ፊቱ ለስለስ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ነጥብ ተነስተው የሚሰፉ ቅስት መስመሮች ይታዩበታል። ሐይቅ ዳር ውኃው እየሸሸ አሸዋው ላይ እንደሚተወው መስመር ነው።

የዩሞ ችግር ንዝረት ሆኖ ተገኘ። የብሌዱን ተፈጥሯዊ የንዝረት ድምፅ ለማወቅ ሙዚቀኛ ተጠርቶ ብሌዱን በቫዮሊን ቀስት እየነካ በጆሮው እንዲለየው ተደርጓል። ቀልድ ይመስላል፤ ዘዴው ግን ፍጹም ትክክል ነው። ምክንያቱን የደረሰበት ማክስ ቤንቴሌ የሚባል መሐንዲስ ነው። ሞተሩ ስድስት የማቃጠያ ክፍሎች አሉት። አንድ ብሌድ አንድ ዙር ሲዞር በስድስቱም ፊት ያልፋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ስድስት ጊዜ ይገፋል። በደቂቃ 9,000 ዙር ማለት በሰከንድ 150 ዙር ነው፤ በስድስት ሲባዛ በሰከንድ 900 ግፊት ይሆናል። ይህ ከብሌዱ የራሱ ድምፅ ጋር ሲገጥም ብሌዱ እስኪበጠስ ይንቀጠቀጣል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ብሌዱን ወደ ጫፉ ይበልጥ ማቅጠን፣ አንድ ሚሊሜትር ማሳጠር፣ ፍጥነቱን ከ9,000 ወደ 8,700 ዝቅ ማድረግ። ችግሩ ተፈታ። ብረቱን ቢቀይሩ ኖሮ ምናልባት ወራት ያባክኑ ነበር።

ንዝረቱ ሲወገድ ግን ከኋላው ተደብቆ የነበረው ክሪፕ ብቻውን ቀረ። ለእሱ የቫዮሊን ቀስት አይሠራም።

የዲግሪ ዋጋ

አሁን አንድ ስሌት እናድርግ። ላርሰንና ሚለር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1952 ያወጡት ቀመር አለ። የዩሞ ሰዎች ይህ ቀመር አልነበራቸውም፤ ነገሩን ግን በሙከራ ያውቁት ነበር። ቀመሩ እንዲህ ነው፦

`P = T × (20 + log t)`

`T` በኬልቪን የተለካ ሙቀት ነው። `t` ብረቱ እስኪበጠስ ያለው ሰዓት ነው። ጫናው ካልተለወጠ `P` ለአንድ ብረት አንድ ቁጥር ነው። 20 የሚለው ለብዙ ቅይጦች በግምት የሚሠራ ቋሚ ነው፤ ትክክለኛው ዋጋ ከቅይጥ ቅይጥ ይለያያል።

አንድ ብሌድ በ650 ዲግሪ 1,000 ሰዓት ይኖራል እንበል። 650 ዲግሪ 923 ኬልቪን ነው፤ `P` 21,229 ይሆናል። አሁን ይህን ቁጥር ይዘን ሙቀቱን ብቻ እንጨምር። በ675 ዲግሪ ዕድሜው ወደ 247 ሰዓት ይወርዳል። በ700 ዲግሪ 66 ሰዓት። በ725 ዲግሪ 19 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 75 ዲግሪ ብቻ ነው የጨመርነው፤ ከ1,000 ሰዓት ወደ 19 ሰዓት ወረድን። በእያንዳንዱ 25 ዲግሪ ዕድሜው ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ጋዙ ውስጥ 25 ዲግሪ ምን ማለት ነው? ምንም። አንዱ የማቃጠያ ክፍል ከሌላው ትንሽ በርትቶ ቢነድ ልዩነቱ ከዚያ ይበልጣል።

አብራሪዎቹን ያስጨነቀው ነገር ከዚህ ይመነጫል። የዩሞ አብራሪ የነዳጅ መቆጣጠሪያውን በቀስታ መግፋት ነበረበት። ድንገት ከገፋው ኮምፕረሰሩ አየር ለማምጣት ጊዜ ሳያገኝ ነዳጁ ቀድሞ ይገባል፤ ሙቀቱ ይተኮሳል። አንዳንዴ ሞተሩ ይጠፋል፣ አንዳንዴ በእሳት ይያያዛል። ምንም ሳይሆን ቢያልፍም እንኳ ሒሳቡ ተመዝግቧል። በምሳሌያችን ብሌዱ 10 ደቂቃ በ725 ዲግሪ ቢቆይ ከዕድሜው አንድ በመቶ ገደማ ያልቃል። በ650 ዲግሪ ቢሆን ያን ያህል ለመብላት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅ ነበር። አብራሪው ያየው ነገር የለም። ሞተሩ ወደ ልኩ ተመልሷል፤ ድምፁም እንደ ድሮው ነው። ብሌዱ ግን አይረሳም።

ክሪፕ ላይ የማይወደድ ጠባይ ይሄ ነው። አጭር ጥፋት በረጅም ዕድሜ ይከፈላል፤ ሙቀቱ ቢመለስም የተለጠጠው አይመለስም።

ብረቱን ማሻሻል ካልተቻለ

የቀመሩን ሌላ ጎን አሁን ተመልከቱ። ሙቀት ሲጨምር ዕድሜ በዚያ ፍጥነት ከወደቀ፣ ሙቀት ሲቀንስም በዚያው ፍጥነት ይረዝማል። የጋዙን ሙቀት ብንቀንስ ግን ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ታዲያ ጋዙን ሳይነኩ ብሌዱን ብቻ ማቀዝቀዝ ይቻላል? ፍራንዝና ባልደረቦቹ የሄዱት በዚህ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ብሌዱ ድፍን ነበር። በኋላ፣ 004B-4 በሚባለው ሞዴል ላይ፣ ውስጡ ባዶ ሆነ። ከኮምፕረሰሩ የተወሰነ አየር ተወስዶ በዲስኩ በኩል ወደ ብሌዱ ሥር ይገባል፤ በውስጡ አልፎ በጫፉ ይወጣል። የተጨመቀ አየር ይሞቃል፤ ቢሆንም ከማቃጠያው ጋዝ አንፃር ቀዝቃዛ ነው። ባዶ ብሌድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ክብደቱ ስለሚቀንስ ዲስኩን የሚጎትተው ኃይል ይቀንሳል።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ቲኒዱር ለብየዳ አይመችም፤ ሲበየድ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባዶውን ብሌድ ከክብ ላሜራ በተደጋጋሚ በመሳብና በመጫን ነበር ቅርጽ የሚያስይዙት። በኋላ ክሮማዱር የሚባል ሌላ ቅይጥ መጣ። እሱ ኒኬል የሚባል ነገር የለውም፤ 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 18 በመቶ ገደማ ማንጋኒዝ ነው። በክሪፕ ከቲኒዱር ይደክማል። ይበየዳል ግን። ላሜራው ታጥፎ በኋለኛው ጠርዝ ላይ ይበየዳል፣ ያው ብሌድ ሆነ።

እኔ ከጉዳዩ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነጥብ ነው። ደካማ ብረት ተመርጦ ሞተሩ አልባሰበትም። ብረቱ በክሪፕ ያጣውን ማቀዝቀዣው ሊመልስለት ይችል ነበር፤ 25 ዲግሪ ማውረድ ዕድሜውን አራት እጥፍ እንደሚያደርገው ከላይ አይተናል። አንድን ቁሳቁስ በሠንጠረዥ ላይ ባለው ጥንካሬ ብቻ የሚመርጥ ሰው ክሮማዱርን በፍጹም አይመርጥም ነበር።

ማቀዝቀዝ ግን ነጻ አይደለም። ለብሌዱ የተሰጠው አየር ተጨምቆ፣ ጉልበት ፈጅቶ፣ ከዚያ ሥራ ሳይሠራ የወጣ ነው። ሞተሩ ይህን በነዳጅ ይከፍላል። ማቀዝቀዣውም እኩል አይደርስም፤ ጠርዞቹ ቀጭን ስለሆኑ ቶሎ ይሞቃሉ። ስለዚህ ብሌዱ የሚኖረው በአማካይ ሙቀቱ ልክ ሳይሆን በጣም በጋለው ነጥብ ልክ ነው።

በሌላኛው ወገን

በዚያው ጊዜ እንግሊዞች በሌላው በር ገብተዋል። እነሱ ኒኬል ነበራቸው። የእንግሊዛዊው የጄት ሞተር ፈልሳፊ የፍራንክ ዊትል የመጀመሪያ ሞተሮች ብሌዶቻቸው ከብረት ቅይጥ የተሠሩ ነበሩ፤ እነሱም በተራቸው ተሰቃይተዋል። ከዚያ በ1941 ኒሞኒክ 80 የሚባል ቅይጥ መጣ።

መነሻው የሚያስገርም ነገር አይደለም። 80 በመቶ ኒኬልና 20 በመቶ ክሮሚየም፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ የሚቀላው ሽቦ ከዚህ ይሠራል። አይዝግም፣ አይቃጠልም። በጫና ግን ይለጠጣል፤ ምድጃ ላይ ማንም አይጎትተውም እንጂ። በዚህ ላይ ሁለት በመቶ ተኩል ገደማ ቲታኒየምና ትንሽ አልሙኒየም ሲጨመር የማይታመን ነገር ይሆናል። ምን እንደተፈጠረ በዘመኑ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም ነበር፤ በጣም ጥቃቅን ነውና። በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ።

የታየው ይህ ነው። በኒኬሉ ውስጥ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተሰራጭተዋል። ጋማ ፕራይም ይባላሉ። የአቶሞቻቸው ድርድር ከዙሪያቸው ካለው ኒኬል ጋር ይገጥማል፤ ግን አልሙኒየሙና ቲታኒየሙ እንዳገኙ አይቀመጡም፣ የተወሰነ ቦታ አላቸው። ዲስሎኬሽን በዚህ ውስጥ ሲያልፍ ያንን ሥርዓት ያፈርሰዋል፤ አልሙኒየም ከአልሙኒየም ጎን ይቆማል። ይህ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ዲስሎኬሽኖቹ ማለፍ የሚችሉት በጥንድ ነው። የመጀመሪያው ያፈረሰውን ሁለተኛው ይጠግነዋል። ከዚህም በላይ አንድ እንግዳ ጠባይ አለ። ሌላ ብረት ሲሞቅ ይለሰልሳል። ጋማ ፕራይም ግን እስከ ተወሰነ ሙቀት ድረስ ሲሞቅ ይበልጥ ይጠነክራል።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ኒኬል የሚቀልጠው በ1,455 ዲግሪ ነው፤ ከብረት ዝቅ ብሎ። ታዲያ ለምን ይሻላል? አንደኛ፣ ጋማ ፕራይምን በውስጡ መያዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ብረት 912 ዲግሪ ላይ የአቶም ድርድሩን ይለውጣል፤ ከዚያ በታች ያለው ድርድሩ ላላ ያለ ስለሆነ አቶሞች በቀላሉ ይንቀሳቀሳሉ። ኒኬል እስኪቀልጥ ድረስ በአንድ ጠበቅ ያለ ድርድር ይቆያል። ክሪፕ በአቶም እንቅስቃሴ የሚመጣ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመቅለጫ ሙቀት ብቻውን አይወስንም። ቱንግስተን በ3,422 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፤ በጋለ አየር ውስጥ ግን ኦክሳይድ ሆኖ ያልቃል፣ ከባድም ነው።

የእንግሊዞቹ ሮልስ ሮይስ ዌላንድ ሞተር አገልግሎት ሲጀምር ለጥገና የሚወርደው በ180 ሰዓት ነበር። ከ25 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ግን ፍርዱን በቁጥሩ ብቻ አልሰጥም። ዌላንድ ከዩሞ ያነሰ ግፊት ነበረው፤ የኮምፕረሰሩም ዓይነት ሌላ ነው። ሁሉንም ልዩነት በብሌዱ ብረት ላይ ማላከክ ትክክል አይሆንም።

ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ

ከጦርነቱ በኋላ የጀርመኖቹ ማቀዝቀዣና የእንግሊዞቹ ቅይጥ አንድ ብሌድ ውስጥ ገቡ። የዛሬ አውሮፕላን ሞተር ውስጥ ያለው ጋዝ ብሌዱ ራሱ ከሚቀልጥበት ሙቀት በላይ ነው። ብሌዱ የማይቀልጠው ውስጡ በጠባብ መተላለፊያዎች ስለተሞላና በላዩ በትናንሽ ቀዳዳዎች የሚወጣው አየር ስስ መከላከያ ስለሚሆንለት ነው። ብዙ ጊዜ ሴራሚክም ይቀባል።

ቅይጡም ተለውጧል። በኒሞኒክ 80 ውስጥ ጋማ ፕራይም ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነበር የሚይዘው፤ በዛሬዎቹ ከግማሽ በላይ ነው። ቀደም ብዬ የክሪስታሎች ድንበር ደካማ ቦታ ነው ብያለሁ። መጀመሪያ ድንበሮቹ ሁሉ ከጭነቱ አቅጣጫ ጋር ትይዩ እንዲሆኑ ቀልጦ የፈሰሰው ብረት ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲረጋ ተደረገ። ከዚያ ድንበሩን ጨርሶ ማስወገድ መጣ። የሚረጋው ብረት እንደ አሳማ ጭራ በተጠማዘዘ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፤ ከብዙ ክሪስታሎች አንዱ ብቻ ያልፋል፤ ብሌዱ በሙሉ ከዚያ አንድ ክሪስታል ያድጋል። ድንበር የለም፤ ቀዳዳ የሚጀምርበት ድንበርም የለም።

እነዚህም ቢሆኑ ይለጠጣሉ። ጋማ ፕራይሙ በጊዜ ብዛት ይወፍራል፣ የጫናውን አቅጣጫ በሚያቋርጥ መልኩ እየተያያዘ ንጣፍ ይሆናል፤ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ በኒኬሉ ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ የሞተር ባለሙያዎች ዛሬም በቀዳዳ በኩል ትንሽ ካሜራ አስገብተው የብሌዶቹን ጫፍ ያያሉ፤ የጭስ መውጫውን ሙቀት ይመዘግባሉ፤ ብሌዱ ደህና ቢመስልም ሰዓቱ ሲደርስ ይወርዳል።

ሜሰርሽሚት 262 በዚህ ዘመን እንደገና ተሠርቷል። በአሜሪካ ጥቂት ቅጂዎች ተሠርተው የመጀመሪያው በ2002 በረረ። አካሉ ከዋናው ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በሞተሮቹ ማቀፊያ ውስጥ ያለው ግን ዩሞ 004 አይደለም። ከውጭ እንዲመሳሰል ተደርጎ ውስጡ የገባው ከዩሞ በጣም የሚያንስ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሞተር ነው።